የሥሪት ሀገር ምስክር ወረቀት፦ ምን ያረጋግጣል፣ የሚሰጠውስ ማን ነው?

የሥሪት ሀገር ምስክር ወረቀት ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ የየትኛው ሀገር ምርት እንደሆነ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ላኪዎችና ትራንዚተሮች በተለምዶ «ሰርተፍኬት ኦፍ ኦሪጅን» ይሉታል። ስለ ዕቃው ጥራት የሚለው ነገር የለም፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነም አይናገርም። ዕቃው ከየት ተጭኖ እንደመጣ የሚያሳየውም ሌላ ሰነድ፣ ማለትም የማጓጓዣው ቢል ኦፍ ሌዲንግ ነው። ከጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ የተጫነ የጅማ ቡና የኢትዮጵያ ቡና እንደሆነ ይቀራል።

የቡናው ነገር ቀላል ነው። ዛፉ የበቀለውም ፍሬው የተለቀመውም እዚሁ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ በአንድ ሀገር የተገኘ ምርት ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት ባልተቆላ ቡና ላይ ከየትም ይምጣ ቀረጥ ስለማይጥል፣ እዚያ ለሚሄድ ጥሬ ቡና ሰነዱ የቀረጥ ቅናሽ አያስገኝም። ያም ሆኖ ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት የራሱ የሥሪት ሀገር ሰርተፍኬት አለው፤ በጆንያው ላይ የሚታተመው ቁጥር በኢትዮጵያ መለያ በ010 ይጀምርና የላኪው ቁጥርና የጭነቱ ተራ ቁጥር ይከተሉታል። ዓላማው የቡናውን ዝውውር መከታተልና መመዝገብ ነው።

የሚያከራክረው ጥሬ ዕቃው ከአንድ ሀገር፣ ሥራው ከሌላ ሀገር ሲሆን ነው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ አንድ ፋብሪካ ከቻይና የጥጥ ጨርቅ፣ ክርና ቁልፍ አስመጥቶ የወንድ ሸሚዝ ይሰፋል እንበል። ጨርቁን ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ይተኩሳል፣ አሽጎም ወደ ሀምቡርግ ይልካል። ሸሚዙ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚሠራ አንድ መልስ የለም። መልሱን የሚሰጠው ዕቃውን የሚያስገባው ሀገር፣ ወይም ሁለቱ ሀገሮች የፈረሙት ስምምነት፣ ያወጣው የሥሪት ደንብ ነው። ምስክር ወረቀቱም የሚያረጋግጠው ዕቃው ያንን የተወሰነ ደንብ ማሟላቱን ነው፤ ብዙ ላኪ የሚሳሳተው ይህን ሳያይ ወረቀቱን ለመያዝ ብቻ ሲቸኩል ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሸሚዝ መልስ አለው። ኢትዮጵያ በጣም ካላደጉት ሀገሮች አንዷ ስለሆነች ከመሣሪያ በስተቀር ምርቶቿ ያለ ቀረጥ ይገባሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን በሥሪታቸው የኢትዮጵያ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2010 መጨረሻ ድረስ ደንቡ ሁለት የሥራ ደረጃ ይጠይቅ ነበር፦ ክሩ ጨርቅ ሆኖ መሠራት፣ ጨርቁም ልብስ ሆኖ መሰፋት ነበረበት። በዚያ ደንብ በቻይና ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ የኢትዮጵያ አይባልም ነበር። ከ2011 ጀምሮ ግን እንዲህ ላሉ ሀገሮች አንዱ ደረጃ በቂ ሆኗል፤ ከውጭ የመጣው ጨርቅ እዚህ ተቆርጦ ከተሰፋ ሸሚዙ የኢትዮጵያ ነው። ጨርቁ አልተቀየረም፣ መኪናውም ያው ነው፤ ደንቡ ሲቀየር የሸሚዙ ሀገርም ተቀየረ።

ይህ በገንዘብ ሲሰላ ቀላል አይደለም። የጥጥ ሸሚዝ መደበኛው የአውሮፓ ቀረጥ 12 በመቶ ነው። በጉምሩክ 80,000 ዩሮ የተተመነ ጭነት ያለ ሥሪት ማስረጃ ከገባ 9,600 ዩሮ ይከፈልበታል፤ ማስረጃ ካለው ቀረጡ ዜሮ ነው። ይሁንና ሸሚዙ እስያ ተሰፍቶ ቢመጣና ሐዋሳ ላይ የተተኮሰ፣ መለያ የተለጠፈበትና የታሸገ ብቻ ቢሆን የኢትዮጵያ ሊሆን አይችልም። መተኮስ፣ ማሸግና መለያ መለጠፍ የዕቃን ሥሪት እንደማይለውጡ ደንቡ በግልጽ ጽፏል።

ያው ሸሚዝ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወጥታለች። እዚህ የተሰፋው ሸሚዝ ለአሜሪካ ጉምሩክም የኢትዮጵያ ምርት ነው፤ መለያውም ይህንኑ ይላል፤ ቀረጡ ግን ይከፈላል። የዕቃን ሥሪት ማረጋገጥና የቀረጥ ነፃ ዕድል ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከዚህ በላይ የሚታይበት ቦታ የለም።

በዚህም ምክንያት ምስክር ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰጪዎቹም ይለያያሉ። የመጀመሪያው መደበኛው ሲሆን የቀረጥ ቅናሽ አያስገኝም። ገዢው፣ ባንኩ ወይም የተቀባዩ ሀገር ሕግ ሲጠይቅ ይቀርባል። ይህን በአብዛኛው ዓለም የሚሰጡት የንግድ ምክር ቤቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 በጄኔቫ የተፈረመው የጉምሩክ ሥርዓት ማቅለያ ስምምነት መንግሥታት ሥራውን ለእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች እንዲሰጡ መንገድ ከፍቷል። በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ይህን ሰርተፍኬት ይሰጣል። ላኪው ኢንቮይሱንና ሌሎች ሰነዶችን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም አይቶ ያትማል።

ሁለተኛው የቀረጥ ዕድል የሚያስገኘው ነው። እዚህ ላይ ፈራሚውን የሚወስነው ስምምነቱ ራሱ ነው፤ መንግሥት ለሌላው ወገን ያሳወቀው አካል መሆን አለበት። በኢትዮጵያ ይህ ኃላፊነት በዋናነት የጉምሩክ ኮሚሽን ነው። የምክር ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ የቀረጥ ነፃ ዕድል የሚጠይቅ አስመጪ ይዞት የመጣው እውነተኛ ሰነድ ቢሆንም አይጠቅመውም፤ የፈረመው አካል ለዚያ ጉዳይ ሥልጣን የለውምና።

አውሮፓ ከዚህም አልፋ ምስክርነቱን ለላኪው ራሱ ሰጥታለች። ሬክስ በተባለው ሥርዓት ላኪው አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ቁጥር ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው የኢትዮጵያ መሆኑን የሚገልጸውን የተወሰነ ቃል ከቁጥሩ ጋር በኢንቮይሱ ላይ ራሱ ይጽፋል። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ምዝገባም አያስፈልገውም። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናም ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር ለማይበልጥ ጭነት ላኪው ራሱ መግለጫ እንዲጽፍ ይፈቅዳል።

ታዲያ ራሱ የሚጽፈውን ማን ያምነዋል? እምነቱ የቆመው በኋላ በሚመጣው ምርመራ ላይ ነው። የጀርመን ጉምሩክ ከተጠራጠረ ጥያቄውን ለኢትዮጵያ ጉምሩክ ይልካል፤ የኢትዮጵያ ጉምሩክም ፋብሪካውን ይፈትሻል። ያኔ የሚፈለጉት የጨርቁ ማስገቢያ ዲክላራሲዮን፣ የቆረጣና የስፌት መዝገብ፣ ስንት ሜትር ጨርቅ ስንት ሸሚዝ እንዳወጣ የሚያሳይ ሂሳብ ናቸው። ለ10,000 ሸሚዝ የሚበቃ ጨርቅ ያስገባ ፋብሪካ 15,000 ሸሚዝ ልኮ ከተገኘ ትርፉ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ይኖርበታል። መዝገቡ ቢያንስ ለሦስት ዓመት መቀመጥ አለበት። ማስረጃ ካልተገኘ የቀረው ቀረጥ ከአስመጪው ይጠየቃል፤ አስመጪውም ፊቱን ወደ ላኪው ያዞራል።

ባንክ ግን ይህን ሁሉ አይመረምርም። በኤል ሲ ክፍያ ሲጠየቅ የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። በኤል ሲው ላይ «በንግድ ምክር ቤት የተሰጠ» ከተባለ የምክር ቤት መሆን አለበት፤ የዕቃው መግለጫ፣ ክብደቱና የተቀባዩ ስምም ከኢንቮይሱና ከቢል ኦፍ ሌዲንጉ ጋር መጣላት የለበትም። ብዙ ጊዜ ክፍያ የሚያዘገየው እንዲህ ያለው ያልተጣጣመ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ላኪው ረቂቁን ከማኅተሙ በፊት ከኤል ሲው ጋር መስመር በመስመር ቢያስተያይ ይሻለዋል።

ማስረጃው ዕቃው በሚገባበት ዕለት ባይደርስ ዕድሉ ወዲያው አይጠፋም። በአውሮፓ ሥርዓት መግለጫው ዕቃው ከተላከ በኋላም ሊጻፍ ይችላል፤ ዕቃው ከገባ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከቀረበ አስመጪው የከፈለውን ቀረጥ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።