ጎረቤቱን አይቶ መልኩን የሚመርጥ ካሬ

በ1985 በወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ውስጥ፣ ሰማይ ላይ የሚታየው ደመናና መሬት ላይ የበቀለው ቁጥቋጦ ቅርጻቸው አንድ ነው። የሚለያዩት በቀለም ብቻ ነው። ምክንያቱ የቦታ ጥበት ነበር፤ ጌሙ ፕሮግራሙንም ሥዕሉንም ጨምሮ 40 ኪሎባይት ውስጥ መግባት ነበረበት። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የኒንቴንዶው ማሽን ደግሞ ስክሪን የሚሞላ ሙሉ ሥዕል የሚይዝበት ሜሞሪ አልነበረውም። የሚያውቀው 8 በ8 ፒክስል የሆኑ ትናንሽ ሥዕሎችን ነው። ስክሪኑ በወርድ 32፣ በቁመት 30 ካሬ ሆኖ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ስንተኛው ሥዕል እንደሚቀመጥበት የሚናገር አንድ ቁጥር ይያዝለታል። በ960 ቁጥር አንድ ስክሪን ሞላ ማለት ነው።

ትናንሾቹ ሥዕሎች ታይል፣ የቁጥሩ ሰንጠረዥ ደግሞ ታይልማፕ ይባላሉ። የሜሞሪ ችግር ከተቀረፈ ቆይቷል፤ ታይልማፕ ግን ዛሬም ከጎን ወይም ከላይ የሚታዩ ጌሞች የሚሠሩበት ዋና መንገድ ነው። አሁን የሚቆጥበው የሰውን ጉልበት ነው።

በወርድ 200፣ በቁመት 40 ካሬ የሆነ አንድ ሌቭል እናስብ። 8,000 ካሬ አለው። መሬቱ ሣር የለበሰ አፈር ቢሆን፣ አፈሩ ሁሉ አንድ መልክ ሊኖረው አይችልም። ላይኛው ጫፍ ሣር አለው፤ የግራው ጫፍ ወደ ግራ የሚያይ ግድግዳ ነው፤ ጥጉ ሁለቱን ያጣምራል፤ ውስጡ ደግሞ ጥቁር አፈር ብቻ ነው። ሌቭሉን የሚሠራው ሰው እነዚህን አንድ በአንድ እየመረጠ በእጁ ቢያስቀምጥ አንድ ኮረብታ ለመሥራት ረጅም ሰዓት ይፈጅበታል። ከዚህ የሚብሰው ማስተካከሉ ነው። ተጫዋቹ ዘሎ አልደርስ ሲል ኮረብታውን በሁለት ካሬ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያኔ ጫፉና ጥጉ ሁሉ እንደገና ይለቀማል። በመሀል አንዱ ይረሳል፤ ሣር የበቀለበት ካሬ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ሥራው አሰልቺ ስለሆነም ሠሪው ሌቭሉን መንካት ይፈራል፤ መስተካከል የነበረበት ዝላይ እንደነበረ ይወጣል። እኔ ትልቁ ጉዳት ይሄ ይመስለኛል።

አውቶታይሊንግ የሚባለው ዘዴ ይህን ሥራ ከሰው እጅ ያወጣዋል። ሠሪው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ አፈር አለ፣ እዚህ የለም። የትኛው ሥዕል እንደሚወጣ የሚወስነው እያንዳንዱ ካሬ ጎረቤቶቹን አይቶ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለአራቱ ጎረቤቶች ዋጋ እንሰጣለን፦ ከላይ ላለው 1፣ ከግራ ላለው 2፣ ከቀኝ ላለው 4፣ ከታች ላለው 8። ጎረቤቱ አፈር ከሆነ ዋጋው ይደመራል፤ ካልሆነ ይታለፋል። ዋጋዎቹ በእጥፍ የሚያድጉት እያንዳንዱ ድምር ከአንድ ሁኔታ ብቻ እንዲመጣ ነው። ድምሩ 14 ከሆነ ግራ፣ ቀኝና ታች አሉ፣ የጎደለው ላይ ነው፤ ሌላ ትርጉም ሊኖረው አይችልም። ከ0 እስከ 15 ድረስ 16 ድምር አለ፤ ሠዓሊውም 16 ታይል ይሥላል። በወርድ ሦስት፣ በቁመት ሁለት የሆነች ትንሽ መቆሚያ እንውሰድ፦

```
.....
.###.
.###.
.....
```

የስድስቱ ካሬዎች ድምር እንዲህ ይወጣል፦

```
12 14 10
 5  7  3
```

12 ማለት ቀኝና ታች አሉ፣ ላይና ግራ ክፍት ነው፤ ስለዚህ የላይኛው የግራ ጥግ ሥዕል ይወጣል። 7 ከታች ክፍት ስለሆነ የመቆሚያዋ ሆድ ነው። ሠሪው አንድ ካሬ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ኮምፒውተሩ ያንን ካሬና ጎረቤቶቹን ብቻ እንደገና ይደምራል። ኮረብታ በማውስ እየጎተቱ መሥራት የሚቻለው በዚህ ነው።

በፓይተን ሲጻፍ ይህን ያህል ነው፦

```
def mask(g, x, y):
    m = 0
    if g[y-1][x]: m += 1
    if g[y][x-1]: m += 2
    if g[y][x+1]: m += 4
    if g[y+1][x]: m += 8
    return m
```

ይህች ኮድ አንድ የተደበቀ ችግር አለባት። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ስንደርስ `y-1` ዋጋው -1 ይሆናል፤ ፓይተን ደግሞ -1ን የሚረዳው "የመጨረሻው" ብሎ ነው። ስለዚህ ሰማይ አጠገብ ያለው ካሬ ከላዩ ምን እንዳለ ሲጠይቅ የሚያየው የሌቭሉን ወለል ይሆናል። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም። ምልክቱ ዓይን ላይ ነው፦ ከላይኛው ጠርዝ ጋር የተያያዘ አፈር፣ በዚያው መስመር ሥር ወለል ካለ አንድ መልክ፣ ጉድጓድ ካለ ሌላ መልክ ይይዛል። በታችኛው ረድፍ ግን ፕሮግራሙ ከነአካቴው ይቆማል። መፍትሔው ከካርታው ውጭ ያለውን ሁሉ አፈር ነው ብሎ መቁጠር ነው። እንዲህ ሲሆን ወለሉ ከስክሪኑ ሥር የሚቀጥል ይመስላል፤ በጠርዙ ላይ ያልተፈለገ ግድግዳም አይታይም።

አራት ጎረቤት ማየት የማይበቃበት ቦታ አለ። ደረጃ የሚመስል መሬት እንይ፦

```
..##
..##
####
####
```

ከላይ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛው ካሬ ላይ እናተኩር። ላይ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ታች ሁሉም አፈር ነው፤ ድምሩ 15 ስለሆነ ጥቁር የውስጥ አፈር ይሳልበታል። ነገር ግን በግራው ያለው ካሬ ከላዩ ሣር ለብሷል፤ በላዩ ያለው ካሬ ደግሞ በግራው ግድግዳ አለው። ሣሩና ግድግዳው የሚገናኙት እዚህ ጥግ ላይ ነው፤ እዚህ ግን የሚያገናኛቸው ሥዕል የለም። ሣሩ በድንገት ይቆረጣል። የውስጥ ጥግ የሚባለው ይህ ነው። አውቶታይሊንግ ገና የጀመረ ሰው ሌቭል ወዲያው የሚታወቀው በነዚህ በተቆረጡ ጥጎች ነው።

ስለዚህ ሰያፍ ጎረቤቶችም ይታዩ፤ ስምንት ይሆናሉ። ስምንት ጎረቤት 256 ሁኔታ ይሰጣል፤ ያንን ያህል ታይል የሚሥል ሠዓሊ አይገኝም። ደግነቱ አብዛኛው ሁኔታ መልክ አይለውጥም። የላይኛው የግራ ጥግ ለውጥ የሚያመጣው ላይም ግራም አፈር ሲሆኑ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ክፍት ከሆነ እዚያ ጠርዝ ተስሏል፤ ከጠርዙ ማዶ ያለው ጥግ ቢኖር ባይኖር ለውጥ የለውም። በዚህ ደንብ እንቁጠር። አራቱም ጎኖች ካሉ አራቱም ጥጎች ይታያሉ፤ 16 መልክ ይሆናል። ሦስት ጎን ሲኖር ሁለት ጥግ ይታያል፤ ይህ በአራት አቅጣጫ ሲባዛ ሌላ 16 ነው። ሁለት ተጎራባች ጎኖች ሲኖሩ አንድ ጥግ ይታያል፤ 8 ይሆናል። ትይዩ ጎኖች ብቻ ሲኖሩ 2፣ አንድ ጎን ሲኖር 4፣ ብቻውን የቆመ ካሬ 1። ሲደመር 47። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ 47ን ያውቃታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ሰው ደግሞ የጎደለውን ታይል ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም።

47ም ቢሆን ቀላል አይደለም። አርፒጂ ሜከር የተባለው የጃፓን ጌም መሥሪያ ታይሉን አራት ሩብ አድርጎ ይቆርጠዋል። የላይኛው የግራ ሩብ የሚያየው ሦስት ጎረቤት ብቻ ነው፦ ላይ፣ ግራና የመካከላቸውን ጥግ። መልኩም ከአምስት አያልፍም፦ የውጭ ጥግ፣ አግድም ጠርዝ፣ ቁም ጠርዝ፣ የውስጥ ጥግ፣ ሙሉ አፈር። አምስት መልክ ለአራት ሩብ 20 ቁራጭ ነው፤ 47ቱም ታይሎች ከነዚህ ይገጣጠማሉ። ሠዓሊው የሚሥለው የአምስት ታይል ስፋት ያህል ብቻ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ቁራጮቹ ሁሉ በታይሉ መካከል መገጣጠም ስላለባቸው፣ ያንን መስመር የሚያቋርጥ ሥር ወይም ትልቅ ድንጋይ መሣል አይቻልም። መልኩ ንጹሕ ግን ልሙጥ ይሆናል። ጊዜና ሠዓሊ ያለው ሰው 47ቱን ቢያስል ይሻላል እላለሁ።

ዛሬ ይህን ስሌት በእጅ መጻፍ ግድ አይደለም። ጎዶት ውስጥ Match Corners and Sides የሚለውን ከመረጡ ስምንቱም ጎረቤቶች ይታያሉ፤ Match Sides አራቱን ጎኖች ብቻ ያያል። ዩኒቲ ውስጥ ሩል ታይል የሚባለው፣ በየጎረቤቱ ላይ አረንጓዴ ቀስት ወይም ቀይ ኤክስ እየተደረገ ደንብ የሚጻፍበት ነው፤ ቀስቱ ይኑር፣ ኤክሱ አይኑር ማለት ነው። ደንቦቹ የሚነበቡት ከላይ ወደ ታች ሲሆን መጀመሪያ የተስማማው ያሸንፋል። አራቱ ጎኖች ይኑሩ የሚለው ሰፊ ደንብ ከላይ ከተቀመጠ፣ የውስጥ ጥጉ ደንብ ተራ አይደርሰውም። ሥዕሉ እያለ ካልታየ መጀመሪያ ቅደም ተከተሉን ማየት ነው።

አፈር ብቻ ሳይሆን ውኃና አሸዋም ሲመጡ ነገሩ ይከብዳል። ሣር ከአሸዋ፣ አሸዋ ከውኃ፣ ሣር ከውኃ ለየብቻ መገናኛ ሊሣልላቸው ነው፤ ሦስቱ በአንድ ነጥብ የሚገናኙበትማ ከዚህም ይብሳል። የተለመደው መውጫ መደራረብ ነው። ውኃው ከሥር ሁሉንም ይሸፍናል፤ አሸዋው ጠርዙ ገላጭ ሆኖ በላዩ ይነጠፋል፤ ሣሩ ከሁሉ በላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ንጣፍ የሚያውቀው የራሱን ጠርዝ ብቻ ስለሆነ፣ አራተኛ ዓይነት መሬት ሲጨመር የሚሣለው አንድ ስብስብ ብቻ ነው።

ደንቡ ሙሉ መሆኑን ለማረጋገጥ ቆንጆ ሌቭል አይጠቅምም፤ ቆንጆ ሌቭል አስቸጋሪ ቅርጾችን አያወጣም። የሚሻለው ባዶ ካርታ ላይ አፈርን በዘፈቀደ መበተን ነው፤ በየካሬው ሳንቲም እንደመወርወር። ከዚያ ሠዓሊው የረሳቸው፣ በተለይ አንድ ካሬ ብቻ ስፋት ያላቸው ቀጭን ግድግዳዎችና ብቻቸውን የቆሙ ካሬዎች፣ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ከገበያ የሚገዙ ብዙ የታይል ስብስቦች የሚመጡት በዘጠኝ ታይል፣ ማለትም በመካከልና በዙሪያው ብቻ ነው፤ በነዚያ ቀጭን ግድግዳ መሥራት አይቻልም። ወይ ሥዕሉ ይጨመራል፣ ወይ ሌቭሉ ቢያንስ የሁለት ካሬ ውፍረት እንዲኖረው ይታዘዛል።

በእጅ የሚገባ ጌጥ፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ወይም ከሣሩ መካከል የወጣ አበባ፣ ደንቡ በሚሞላው ንጣፍ ላይ አይቀመጥም። ጎረቤቱ በተነካ ጊዜ ስሌቱ እንደገና ይሠራና ያጠፋዋል። የራሱን ንጣፍ ይሰጡታል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ሲነሳ ግን ጌጡ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቀር፣ ኮረብታ ካንቀሳቀሱ በኋላ ያንን ንጣፍ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል።