ፊደሉ ለምን አነሰ? የላፕቶፕ ስክሪን፣ የዕይታ ማዕዘንና የኢሜይል ፕሮግራም

አሮጌ ላፕቶፑን በአዲስ የለወጠ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። ስክሪኑ ከቀድሞው እጅግ የጠራ ነው፤ ፎቶግራፉ ያምራል፤ ኢሜይሉን ሲከፍት ግን ፊደሉ የጉንዳን እግር አክሎ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ ያው ነው፣ ደብዳቤውም ያው ነው፤ ታዲያ ያነሰው ምንድን ነው?

ያነሰው ፒክስሉ ነው። ፒክስል ስክሪኑ የተሠራበት ትንሿ የብርሃን ነጥብ ስትሆን፣ መጠኗን ለማወቅ የፓይታጎረስን ሕግ ማስታወስ ብቻ ይበቃል። ባለ 15.6 ኢንችና 1366 በ768 ፒክስል የሆነ የቀድሞ ላፕቶፕ እንውሰድ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 1567 ያህል ፒክስል ስላለው በአንድ ኢንች ላይ 100 ገደማ ይደረደራሉ፤ የአንዱ ወርድ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 14 ኢንችና 2560 በ1600 የሆነው አዲሱ ስክሪን ግን በአንድ ኢንች 216 ያህል ፒክስል ይይዛል፤ የአንዱ ወርድም 0.118 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም «የዚህ ፊደል ቁመት 16 ፒክስል ይሁን» ብሎ ቢያዝ፣ በአሮጌው ስክሪን 4 ሚሊ ሜትር፣ በአዲሱ 1.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትእዛዙ አልተለወጠም፤ የመለኪያው ዘንግ ግን ከግማሽ በታች አጥሯል።

ይህን ለማካካስ ዊንዶውስ Scale የሚባል ማባዣ አለው። መነሻው በአንድ ኢንች 96 ፒክስል ሲሆን፣ 100 በመቶ የሚባለውም ይኸው ነው። በዚህ ስሌት ለአዲሱ ስክሪን የሚገባው 216 ሲካፈል ለ96፣ ማለትም 225 በመቶ መሆን ነበረበት። ሆኖም በዚህ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ራሱ የሚመክረው ብዙውን ጊዜ 150 በመቶ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከርዝመት ወደ ማዕዘን ይሸጋገራል። ዓይን የሚለካው የፊደሉን ሚሊ ሜትር ሳይሆን ፊደሉ በዓይን ላይ የሚሠራውን ማዕዘን ነው። ለድረ ገጽ ጽሑፍ የወጣው መለኪያ መነሻ ፒክስሉን የሚተረጉመው በክንድ ርዝመት፣ ማለትም በ71 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲታይ ነው፤ ማዕዘኑም 0.00037 ራዲያን ያህል ይሆናል። ላፕቶፕ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ይቀርባል። በዚያ ርቀት ያንኑ ማዕዘን ለመሥራት 0.186 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ይህም የስክሪኑን ፒክስል 1.58 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ 150 በመቶ የሚለው ምክር መሠረት አለው ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ግን አማርኛ ለሚያነብ ሰው 175 በመቶ ይሻላል፤ ሰ ከሱ፣ ለም ከሉ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነውና፣ ከላቲኑ ፊደል ይልቅ የእኛው ፈጥኖ ይደበዝዛል። ማባዣው የሚገኘው በ Settings ውስጥ System፣ ከዚያም Display በሚለው ሥር ነው።

አንዳንዶች በዚህ ፈንታ የስክሪኑን ጥራት ወደ 1920 በ1200 ዝቅ ያደርጋሉ። ፊደሉ በእርግጥ ይተልቃል፤ ነገር ግን አንዱ የምስል ነጥብ በአንድ ከሲሶ ፒክስል ላይ መዘርጋት ስላለበት ጠርዙ ይደፈርሳል። ውድ ስክሪን ገዝቶ በጭጋግ ማየት ነው።

አሁን ወደ ኢሜይል ፕሮግራሙ እንግባ። ብዙ ተማሪዎች በነጻ የሚጠቀሙበትን ተንደርበርድን ለምሳሌ እንወስዳለን። ግራ የሚያጋባው በውስጡ ከአንድ በላይ ማጉያ መኖሩና እያንዳንዱም የተለየ ነገር መንካቱ ነው። ደብዳቤ ከፍቶ Ctrl እና + ን የሚጫን ሰው የሚያጎላው የተከፈተውን ደብዳቤ ብቻ ነው፤ የደብዳቤዎቹ ዝርዝርና የአቃፊዎቹ ስም ባሉበት ይቀራሉ። Ctrl እና 0 ወደ መነሻው ይመልሳል። ደብዳቤ በሚጻፍበት መስኮት ውስጥም ዙም የጸሐፊውን ዓይን ብቻ ያገለግላል፤ ከደብዳቤው ጋር አይላክም። ጽሑፉን መርጦ የፊደሉን መጠን ከመሣሪያው አሞሌ መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ መጠን ከደብዳቤው ጋር ይጓዛል፤ ተቀባዩም የጩኸት ያህል የገዘፈ ጽሑፍ ይደርሰዋል። የማመልከቻ ደብዳቤ ለሚልክ ተማሪ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ላኪው ራሱ ፊደሉን አሳንሶ ከላከው ደግሞ መፍትሔው ዝቅተኛ መጠን መወሰን ነው። በ Settings ውስጥ Fonts & Colors ከሚለው አጠገብ Advanced ን ስንጫን Minimum font size የሚል ቦታ እናገኛለን። መጠኑ የሚሰጠው ለየፊደሉ ዓይነት ተለይቶ ነው፤ Ethiopic የሚልም አለ። ነገር ግን ብዙ ደብዳቤ ቋንቋው ሳይገለጽ ስለሚመጣ ፕሮግራሙ Other Writing Systems በሚለው ሊመድበው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም መሙላት ያስፈልጋል።

ዝርዝሩና ምናሌው ራሱ ካነሰ፣ በ2023 ከወጣው ከ115ኛው እትም ወዲህ በዋናው ምናሌ ውስጥ Font Size የሚል መጨመሪያና መቀነሻ አለ። መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህ ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ይህን ትቶ በቀጥታ ወደ Config Editor መሮጡ ነው። በዚያ layout.css.devPixelsPerPx የሚባል ቁጥር ይገኛል፤ የፕሮግራሙን ሁለንተና፣ ሥዕሉንም ፊደሉንም፣ የሚያባዛ ነው። መነሻው -1.0 ሲሆን ትርጉሙ «የዊንዶውስን ማባዣ ተከተል» ማለት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፑ በ150 በመቶ ላይ እያለ ሁሉንም ነገር በ20 በመቶ ለማሳደግ ፈልጎ 1.2 ብሎ ጻፈበት። ፊደሉ በመተለቅ ፈንታ አነሰ። ምክንያቱ ቁጥሩ በዊንዶውስ ማባዣ ላይ የሚጨመር ሳይሆን የእርሱን ቦታ የሚወስድ መሆኑ ነው፤ 1.5 የነበረው 1.2 ሆነ። መጻፍ የነበረበት 1.5 በ1.2 ተባዝቶ የሚገኘውን 1.8 ነበር። አስተካክሎ ሲጽፈው ሥራው ሰመረ፤ ይሁንና ላፕቶፑን 1920 በ1080 ከሆነ ፕሮጀክተር ጋር አገናኝቶ የፕሮግራሙን መስኮት ወደዚያ ሲወስደው ሌላ ችግር መጣ። ፕሮጀክተሩ 100 በመቶ ላይ ነበር፤ የተጻፈው 1.8 ግን ቋሚ ነው። 1080 ለ1.8 ሲካፈል 600 ስለሚሆን፣ ለፕሮግራሙ ቁመት የቀረው 600 መለኪያ ብቻ ነው። ፊደሉ ገዘፈ፣ የታችኞቹም ቁልፎች ከስክሪኑ ውጪ ቀሩ። -1.0 ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ከስክሪን ወደ ስክሪን ሲሻገር ማባዣውን አብሮ ይለውጥ ነበር።

ቁጥሩ ከመጠን በላይ ተጽፎ ምናሌው ጨርሶ የማይደረስበት ቢሆን፣ ፕሮግራሙን ዘግቶ %APPDATA%\Thunderbird\Profiles ከሚለው አቃፊ ውስጥ prefs.js የሚባለውን ፋይል በ Notepad መክፈትና ይህችን መስመር መሰረዝ ነው፦

```
user_pref("layout.css.devPixelsPerPx", "1.8");
```

ፕሮግራሙ ክፍት ሳለ ከተሰረዘች ግን፣ ሲዘጋ ፋይሉን ከራሱ ማኅደረ ትውስታ እንደገና ስለሚጽፈው መስመሯ ተመልሳ ትገኛለች።