«የመጨረሻ ቀናችን ቅዳሜ ነው»

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ ኬክ ቤት ሊዘጋ ነው እንበል። ባለቤቷ ትእዛዝ የምትቀበለው በቴሌግራም ቻናሏ ነው፤ የስንብት ቃሏንም እዚያው ከአንድ ፎቶ ስር ትጽፋለች። ቴሌግራም በነጻ ለሚጠቀም ሰው ከፎቶ ስር የሚፈቅደው 1,024 ሆሄ ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ኢንስታግራም እስከ 2,200 ቢፈቅድም ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በታች ያለው ካልተጫኑት አይታይም።

ብዙ የስንብት ጽሑፎች በትዝታ ይጀምሩና የሚዘጋበት ቀን ከታች ይቀበራል። ለሠርጓ ቀብድ የከፈለች ደንበኛ ግን መጀመሪያ የምትፈልገው የገንዘቧን ነገር ነው። ስለዚህ እንዲህ ይጀመር፦ «የመጨረሻ ቀናችን ቅዳሜ ሰኔ 21 ነው። እስከዚያ የታዘዘ ሁሉ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ላለ ድግስ ቀብድ የከፈላችሁ ደውሉልን፤ ሙሉው ይመለስላችኋል።»

ከባዱ ክፍል ትምህርቱ ነው። «ብዙ ተምረናል» ማለት ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። አንድ ትምህርት ተመርጦ ከነምክንያቱ ቢነገር ይበልጣል፦ «የሠርግ ኬክ ዋጋ ከወር በፊት ቆርጬ ቀብድ እቀበል ነበር። በመሃል ቅቤና ክሬም ሲወደድ ልዩነቱን ከኪሴ ሞላሁ። ዛሬ ብጀምር ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና ደረሰኙ ላይ እጽፍ ነበር።» ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ የብዙ ነጋዴ ጉዳይ ነው። አንብቦት ነገ ደረሰኙን የሚያስተካክል ሰው ይኖራል። አከራይን ወይም ሸሪክን መውቀስ ግን ሌላው ወገን መልስ የማይሰጥበት ክስ ይሆናል፤ ስንብቱንም ወደ ጭቅጭቅ ይለውጠዋል።

ምስጋናው ተመስጋኙ ራሱን የሚያውቅበት ቢሆን ደስ ይላል። «ለውድ ደንበኞቻችን» ከማለት፣ «በክረምት ዝናብ ኬክ በሞተር ላደረሳችሁልን፣ የልጃችሁ ስም ተሳስቶ ተጽፎ ስቃችሁ ለተቀበላችሁን» ቢባል ሰው ልቡ ይነካል። ሠራተኞችን በስም ማመስገን መልካም ነው፤ ቀጣዩ ቀጣሪ ሊያየው ይችላልና። ስማቸውና ፎቷቸው እንዲወጣ ግን አስቀድሞ ይጠየቁ።

ጽሑፉ ወጣ ማለት ንግዱ በሕግ ተዘጋ ማለት አይደለም። ባለቤቷ ከግብር ቢሮ ክሊራንስ አውጥታ የንግድ ፈቃዷን መመለስ አለባት፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ቻናሉንም ወዲያው ባትሰርዘው ይሻላል። መልእክቱን ከላይ ፒን አድርጋ ስልኩን ክፍት ብትተወው፣ ዘግይቶ የሰማ ባለ ቀብድ ሁሉ ያገኛታል።