ፎቶሾፕ ሴራሚክ አይቆጥርም

ደንበኛ ፊት ብዙም የማናወራውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሠርግ ፎቶ ላይ የመብራት ማቆሚያ ስናጠፋ፣ ኮንቴንት አዌር ፊል ከማቆሚያው ኋላ የነበረውን እያወጣልን አይደለም። እሱን ካሜራው አላየውም፤ ፋይሉ ውስጥም የለም። ክፍተቱ የሚሞላው ከዚያው ፎቶ ሌላ ቦታ በተወሰዱ ጥቃቅን ቁራጮች ነው። ሣርና ደመና ላይ እንከን የማይወጣለት መሣሪያ ሴራሚክ ግድግዳ ላይ የሚያሳፍረን በዚሁ ምክንያት ነው።

መሣሪያው ፎቶሾፕ ውስጥ የገባው በ2010 ከሲኤስ 5 ጋር ነው። መሠረቱ ኮኔሊ ባርንስና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት ፓችማች የተባለ ዘዴ ነው። ፎቶውን በትናንሽ ካሬ ቁራጮች፣ ለምሳሌ 7 በ7 ፒክስል አድርጎ ያያል። ክፍተቱ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ቦታ መጀመሪያ ምንጭ የሚመድበው በዘፈቀደ ነው። አብዛኛው ምደባ የተሳሳተ ነው፤ ከብዙ ሺህ ውስጥ ግን ጥቂቱ ይቀናዋል። የቀናው ለጎረቤቱ ያካፍላል፦ የእኔ ምንጭ እዚያ ከሆነ፣ ያንተ ከሱ ቀጥሎ ያለው ሊሆን ይችላል እንደማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ባገኘው ምንጭ ዙሪያ ጥቂት ሌሎች ቦታዎችን ይሞክራል፤ የተሻለ ካገኘ ይቀይራል። ይህ ሲደጋገም ጥሩው ግምት ክፍተቱን ያዳርሳል። በመጨረሻ አንዱን ፒክስል የሚነኩት ቁራጮች ሁሉ የየራሳቸውን ቀለም ያቀርቡና አማካዩ ይወሰዳል።

ልብ በሉ፤ "ጥሩ" የሚባለው በቀለም ልዩነት ብቻ ነው። መስመር፣ ረድፍ፣ ቁጥር የሚባል ነገር ስሌቱ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። እያንዳንዱ ነጭ ሴራሚክ 64 ፒክስል ስፋት አለው እንበል፤ በመካከላቸው ያለው ግራጫ መስመር 4 ፒክስል ነው። ያጠፋነው ማቆሚያ ሦስት ሴራሚክ ያህል ቦታ ይዞ ነበር። ሥራው የሚጀመረው በጣም ባነሰ የፎቶው ቅጂ ላይ ነው፤ ትልልቁ አቀማመጥ እዚያ ይወሰንና ፎቶው ደረጃ በደረጃ እያደገ ዝርዝሩ ይጨመራል። ፎቶው በ16 እጥፍ ሲያንስ ሴራሚኩ 4 ፒክስል ይሆናል፤ ግራጫው መስመር ደግሞ የአንድ ፒክስል ሩብ ይሆንና ነጩ ውስጥ ይሟሟል። ዋናው ውሳኔ የሚሰጠው እንግዲህ መስመሩ በማይታይበት ደረጃ ነው። እዚያ በአንድ ፒክስል የሳተ ምንጭ፣ ፎቶው ወደ ሙሉ መጠኑ ሲመለስ በ16 ፒክስል ይስታል፤ የሴራሚኩ ሩብ ማለት ነው።

ፎቶው ሲያድግ ለምን አይታረምም? ምክንያቱም 7 በ7 የሆነ ቁራጭ 64 ፒክስል የሆነ ሴራሚክ መሃል ሲያርፍ የሚያየው ነጭ ብቻ ነው፤ ነጭ ደግሞ የትም አለ። መስመር ላይ ያረፈውም ልክ እሱን የሚመስል መስመር በየረድፉ ያገኛል። ሁሉም ለየራሱ ትክክል ነው። ከግራ የመጣው ሙሌት በራሱ ልክ ይሄዳል፣ ከቀኝ የመጣውም በራሱ፤ መሃል ላይ ሲገናኙ አንዱ ሴራሚክ 48 ፒክስል ሆኖ ይጠባል፣ ወይም ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ይቀሩና አማካዩ ወደ ግራጫ ጭጋግ ይቀይራቸዋል። ግድግዳው በሰያፍ የተነሳ ከሆነ ይብሳል፤ የቅርቡ ሴራሚክ ከሩቁ ስለሚሰፋ ከየትም ቢወሰድ በትክክል የሚገጥም ቁራጭ አይገኝም።

ሣር ላይ ይኸው ስህተት አለ፤ ግን የሣር ቅጠል የሚቆጥር ዓይን የለም። ሴራሚክ ላይ ዓይናችን ቀጣዩ መስመር የት መውደቅ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል።

ስህተቱን ለመያዝ ፎቶውን አጉልታችሁ ስፌቱን አትፈልጉ፤ ቅርብ ሲሆን ሁሉም ያምራል። አሳንሱትና በተሞላው ቦታ የሚያልፈውን ረድፍ ካልተነካው ረድፍ ጋር ቆጥራችሁ አወዳድሩ።

እኛ የምንሠራው እንዲህ ነው። በ Edit > Content-Aware Fill ስንገባ ምንጭ የሚወሰድበት ቦታ በአረንጓዴ ይታያል፤ ከዚያው ግድግዳ በስተቀር ቀሚሱንም ወለሉንም በብሩሽ እናወጣለን። ይህ ባዕድ ነገር እንዳይገባ ይከላከላል፤ ልኩን ግን አያስተካክልም። ልኩን የምናስተካክለው በክሎን ስታምፕ ነው፦ Alt ይዘን አራት ሴራሚኮች የሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ ክሊክ እናደርጋለን፣ ከዚያ ክፍተቱ ውስጥ መስቀለኛው መውደቅ ያለበት ቦታ ላይ በትክክል እንጀምራለን። ሰያፍ ለሆነ ግድግዳ Vanishing Point ውስጥ ገብተን መረቡን ከሴራሚኩ መስመሮች ጋር ካጋጠምን በኋላ እዚያው እንገለብጣለን። መስመሮቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የቀረውን ጥላና እድፍ ኮንቴንት አዌር ፊል ይጨርሰው፤ ለእሱ የሚሆነው ሥራ ይህ ነው።