ከአንድሮይድ ወደ አይፎን፦ የዋትስአፕ መልእክት እንዴት ይሻገራል?

ዋትስአፕ የደንበኞቹን መልእክት በራሱ ሰርቨር ላይ አያከማችም። መልእክቱ ተቀባዩ ስልክ ላይ ከደረሰ በኋላ ከሰርቨሩ ይሰረዛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚኖረው በላኪውና በተቀባዩ ስልክ ውስጥ ነው። ቴሌግራም በዚህ ይለያል። ተራው የቴሌግራም ቻት ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ፣ አዲስ ስልክ ላይ ቁጥሩን አስገብቶ የገባ ሰው የዓመታት መልእክቱን እንዳለ ያገኘዋል፤ የሚቀርበት ሚስጥራዊው ቻት ብቻ ነው። የዋትስአፕ ተጠቃሚ ግን ሲም ካርዱን አዲስ ስልክ ላይ ሰክቶ ቢገባ ስሙና ግሩፖቹ ይመጡለታል፣ የተጻጻፈው ሁሉ ግን አሮጌው ስልክ ላይ ይቀራል።

ብዙ ሰው ባክአፕ እስካለው ድረስ የሚያሳስበው ነገር ያለ አይመስለውም። ስልኩ ከአንድሮይድ ወደ አንድሮይድ ወይም ከአይፎን ወደ አይፎን ሲቀየር ይህ እውነት ነው። የአንድሮይዱ ባክአፕ የሚቀመጠው በጉግል አካውንት፣ የአይፎኑ በአይክላውድ ነው። አይፎን ላይ ያለው ዋትስአፕ የጉግሉን ባክአፕ መክፈት አይችልም፣ አንድሮይድ ላይ ያለውም የአይክላውዱን አያነብም። ልዩነቱ በማስቀመጫው ቦታ ብቻ አያበቃም። አንድሮይድ መልእክቶቹን msgstore.db በሚባል ፋይል፣ አይፎን ደግሞ ChatStorage.sqlite በሚባል ሌላ ፋይል ይይዛል፤ የሁለቱ የውስጥ አደረጃጀት አይገናኝም። የጊዜ አቆጣጠራቸው እንኳ የተለያየ ነው፦ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሚሊሰከንድ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው ከጥር 1 ቀን 2001 ጀምሮ በሰከንድ። ስለዚህ ፋይሉን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው መገልበጥ ምንም አይፈይድም፤ እያንዳንዱ መልእክት ወደ አዲሱ አደረጃጀት መለወጥ አለበት።

ይህን የሚሠራ ኦፊሴላዊ መንገድ ለብዙ ዓመታት አልነበረም። መጀመሪያ የተከፈተው ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የሚወስደው ነው፤ በነሐሴ ወር 2021 እ.ኤ.አ. ከሳምሰንግ ስልኮች ጋር ተጀምሮ በዚያው ዓመት ወደ ጉግል ፒክስልና አንድሮይድ 12 ይዘው ወደሚወጡ ስልኮች ሰፋ። ከአንድሮይድ ወደ አይፎን የሚወስደው በሰኔ 2022 ይፋ ሆነ። ይህኛው የሚሠራው አፕል ራሱ ለአንድሮይድ ባዘጋጀው Move to iOS በተባለ መተግበሪያ አማካይነት ነው።

መንገዱ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። አንድሮይዱ ቢያንስ አንድሮይድ 5፣ አይፎኑ ቢያንስ iOS 15.5 ሊኖረው ይገባል። በሁለቱም ስልኮች ላይ የሚጠቀሙበት ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ግን አይፎኑ ገና ከካርቶኑ የወጣ ወይም ሙሉ በሙሉ የተደመሰሰ እንዲሆን መጠየቁ ነው። Move to iOS የሚገናኘው አይፎኑ መጀመሪያ ሲከፈት ከሚያሳያቸው ገጾች በአንዱ፣ From Android የሚለው ምርጫ በሚመጣበት ቦታ ነው። ያን ገጽ ዘሎ ስልኩን መጠቀም የጀመረ ሰው ወደዚያ የሚመለሰው ስልኩን ደምስሶ እንደገና በማስጀመር ነው።

ሥራው ሲጀመር ሁለቱም ስልኮች ቻርጀር ላይ ይሰካሉ። አይፎኑ ላይ From Android ሲመረጥ የቁጥር ኮድ ይወጣል፤ ኮዱ አንድሮይዱ ላይ በተከፈተው Move to iOS ውስጥ ይጻፋል። ከዚያ የሚሻገሩት ነገሮች ዝርዝር ይመጣል፦ አድራሻዎች፣ ተራ የጽሑፍ መልእክቶች፣ ፎቶዎች፣ ከእነሱም ጋር WhatsApp። ዋትስአፕ ሲመረጥ መተግበሪያው ራሱ ይከፈትና መረጃውን ማዘጋጀት ይጀምራል። ዝግጅቱ ሲያልቅ አንድሮይዱ ላይ ያለው ዋትስአፕ ከአካውንቱ ይወጣል። ይህ ሲሆን መልእክቱ የጠፋ የሚመስለው ሰው አለ፤ ምንም አልጠፋም። NEXT ተብሎ ወደ Move to iOS ይመለሱና ማስተላለፉ ይቀጥላል። መረጃው የሚያልፈው በሁለቱ ስልኮች መካከል በሚፈጠር የቅርብ ዋይፋይ በኩል ስለሆነ ለዚህ ክፍል የኢንተርኔት ጥቅል አይባክንም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አይፎኑን ለማስጀመርና በኋላ ዋትስአፕን ከአፕ ስቶር ለማውረድ ነው።

ማስተላለፉ በሚካሄድበት ጊዜ ሁለቱንም ስልኮች አለመንካት ይሻላል። አንድሮይዱ ላይ ሌላ መተግበሪያ መክፈት ወይም ስልክ ማናገር ሥራውን ሊያቋርጠው ይችላል፤ ደካማ ዋይፋይ ሲያገኝ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ የሚዞር ቅንብር ካለም ቀድሞ ይጠፋል። አንድሮይዱ ጨረስኩ ቢልም ወሳኙ አይፎኑ ላይ ያለው መስመር ነው፤ እሱ እስኪሞላ መጠበቅ የግድ ነው። በመጨረሻ ዋትስአፕ አይፎኑ ላይ ተጭኖ በዚያው ቁጥር ሲገባ መልእክቶቹን ለማስገባት Start የሚል ጥያቄ ይመጣል። በሌላ ቁጥር ከተገባ ግን የተሻገረው መረጃ አይከፈትም።

በዝርዝሩ ውስጥ WhatsApp ጭራሹን ካልታየ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድሮይዱ ላይ ያለው መተግበሪያ ያረጀ መሆኑ ነው፤ ከፕሌይ ስቶር አድሶ እንደገና መጀመር ነው። ጂቢ ዋትስአፕን የመሰለ ኦፊሴላዊ ያልሆነ ቅጂ የሚጠቀም ሰው ደግሞ በዚህ መንገድ አይስተናገድም። የጥሪ ታሪክም ከሚቀሩት ነገሮች ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በተለምዶ የሚያጋጥመውን ሁኔታ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አንድ ሰው የዓመታት መልእክቱ ያለው ሳምሰንግ ላይ ነው እንበል። ቨርጂኒያ ያለችው እህቱ የተጠቀመችበትን አይፎን ትልክለታለች። ስልኩ በደረሰው ዕለት ሲሙን ሰክቶ ዋትስአፕ ይከፍታል፣ አንድ ሳምንት ይጠቀማል፣ ከዚያ የድሮ መልእክቶቹ እንደሌሉ ያስተውላል። መፍትሔው አለ፣ ግን ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ አይፎኑ ላይ በሳምንቱ ውስጥ የተጻጻፋቸውን አስፈላጊ ቻቶች በ Export chat በጽሑፍ ያወጣቸዋል፤ አይፎኑ ሲደመሰስ እነሱ አይመለሱምና። ቀጥሎ ሳምሰንጉ ላይ ዋትስአፕን ከፍቶ ቁጥሩን እንደገና ያስመዘግባል፤ መተግበሪያው እስካልተሰረዘ ድረስ የድሮው መልእክት እዚያው ይጠብቀዋል። ከዚያ የእህቱ የአፕል አካውንት ከአይፎኑ መውጣቱን ያረጋግጣል። ይህ ከተረሳ የተደመሰሰው ስልክ የእሷን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሌሊት በሆነባት ሰዓት ከሆነ ሥራው እዚያው ይቆማል። አይፎኑን የሚደመስሰው ትእዛዝ Settings ውስጥ፣ General በሚለው ሥር፣ Transfer or Reset iPhone ላይ Erase All Content and Settings ተብሎ ይገኛል። አይፎኑ 64 ጊጋባይት ብቻ ከሆነና ሳምሰንጉ ላይ የዋትስአፕ ቪዲዮዎች ተከማችተው ከሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት Manage storage ውስጥ ገብቶ ከግሩፕ የመጡ ትልልቅ ቪዲዮዎችን ማስወገድ አለበት። ይህ ሁሉ ሲሟላ Move to iOS ይጀመራል።

በተቃራኒው ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የሚሻገር ሰው ገመድ ያስፈልገዋል፦ ለቆዩት አይፎኖች ከላይትኒንግ ወደ ዩኤስቢ ሲ፣ ከአይፎን 15 ወዲህ ላሉት በሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ ሲ። አንድሮይዱ አዲስ ወይም የተደመሰሰ ሆኖ መጀመሪያ ሲከፈት ኪውአር ኮድ ያሳያል፤ ኮዱ በአይፎኑ ካሜራ ሲነበብ ዋትስአፕ Move Chats to Android የሚለውን ገጽ ይከፍታል። ሳምሰንግ ላይ ሥራው የሚካሄደው በ Smart Switch ነው።

አይፎኑን መደምሰስ የማይፈልግ ሰው የሚሄድባቸው ሌሎች መንገዶችም አሉ፣ አንዳቸውም ግን ሙሉውን አያደርሱም። Export chat አንድን ቻት በጽሑፍ ፋይል ያወጣል፤ ከተፈለገም ከፎቶዎቹ ጋር። ይህ ለማንበብና ለማስረጃ ጥሩ ነው፣ ተመልሶ ወደ ዋትስአፕ ግን አይገባም። በጣም ረጅም ቻት ላይ ገደብ ስላለው የቆዩት መልእክቶች ሊቆረጡ ይችላሉ። በቻቱ ውስጥ ከፍ ያለ የግላዊነት ጥበቃ ከተከፈተም ማውጣቱ ይከለከላል። የወጣውን ፋይል የሚቀበለው፣ ብዙዎች ባይጠብቁትም፣ ቴሌግራም ነው። ከ2021 መጀመሪያ አንስቶ ቻቱን ሲያወጡ ቴሌግራምን ከመረጡ መልእክቶቹ እዚያ ካለ ሰው ጋር ወዳለ ቻት ይገባሉ። የመጀመሪያ ቀናቸውም አብሮ ይታያል። የገባውን መልእክት በዚያኛው ወገን ያለው ሰውም ስለሚያየው ቀድሞ ማስታወቅ ተገቢ ነው።

ሌላው አሮጌውን ስልክ ዋና አድርጎ ትቶ አዲሱን እንደ ተጓዳኝ ማያያዝ ነው። ከ2023 ጀምሮ ዋትስአፕ ሌላ ስልክንም በተጓዳኝነት ይቀበላል፤ በአጠቃላይ እስከ አራት መሣሪያ ማያያዝ ይቻላል። አዲሱ ስልክ የቅርቡን መልእክት ይዞ ይሠራል፣ የሩቁን ሁሉ ግን አያመጣም። ዋናው ስልክ ለ14 ቀን ከቦዘነም ግንኙነቱ ይቋረጣል። ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም።

በኮምፒውተር ላይ ተጭነው ያለ ድምሰሳ እናሻግራለን የሚሉ የሚሸጡ ፕሮግራሞችም አሉ። አሠራራቸው በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፦ የአይፎኑን ባክአፕ ኮምፒውተር ላይ ያወጣሉ፣ በውስጡ ያለውን የመልእክት ፋይል ከአንድሮይዱ ወስደው በለወጡት ይተኩታል፣ ከዚያ የተለወጠውን ባክአፕ ስልኩ ላይ መልሰው ይጭናሉ። መልሶ መጫኑ በአይፎኑ ላይ ያለውን ይዘት በባክአፑ ይዘት ይተካዋል፤ ከመሀል ከተበላሸ የሚጎዳው መላው ስልክ ነው። የጊዜ አቆጣጠሩ በትክክል ካልተለወጠ መልእክቶቹ በ31 ዓመት ተዛንፈው ይታያሉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው የግል ደብዳቤን ያህል ነገር ባለቤቱ በማያውቀው ፕሮግራም ውስጥ ማሳለፍ ነው። ኦፊሴላዊው መንገድ እያለ ይህን መምረጥ አይመከርም።

ማሻገሩ መሳካቱ የሚታወቀው በአዲሶቹ መልእክቶች ሳይሆን በድሮዎቹ ነው። ከቆዩት ቻቶች ሁለት ሦስቱን እስከ መጀመሪያው መልእክት ወደ ላይ ማውጣት፣ የቆየ ፎቶና የድምፅ መልእክት ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። የተሻገረው መልእክት ተጠቃሚው ራሱ ባክአፕ እስኪያደርግ ድረስ አይክላውድ ላይ የለም፤ በነፃ የሚሰጠው የአይክላውድ ቦታም 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ቪዲዮን ሳይጨምሩ ባክአፕ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። በአንድሮይዱ ላይ ያለው ቅጂ ዋትስአፕ እስካልተሰረዘ ወይም ስልኩ እስካልተደመሰሰ ድረስ አይጠፋም። ስለዚህ የአይክላውዱ ባክአፕ ሳይጠናቀቅ አሮጌውን ስልክ አይሽጡ፣ ለሌላ ሰውም አይስጡ።