ቢቋረጥም የማይበላሽ የ30 ሰከንድ ትውውቅ

በቂርያት መላኺ፣ በጌዴራ ወይም በያቭኔ የሚኖርና ሥራ ለማግኘት ወይም ለመቀየር ያሰበ ሰው አንድ ቀን ኔትወርኪንግ ወደሚባለው ስብሰባ መጋበዙ አይቀርም። ዲግሪ ይዘው ከሙያቸው ውጪ የሚሠሩ ቤተ እስራኤላውያን ብዙ በመሆናቸው፣ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው ኦሊም በያኻድን የመሳሰሉ ማኅበራት ምሩቃንን ከቀጣሪዎች ጋር ያገናኛሉ። ቦታው የማትናስ አዳራሽ ወይም የአንድ ኩባንያ ቢሮ ሊሆን ይችላል። ሰው ቡና ይዞ ቆሟል፤ ጫጫታ አለ። አንዱ ዞር ብሎ “አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?” ሲል የ30 ሰከንድ ትውውቅ የሚባለው ይጀመራል።

ብዙ ሰው ለዚህ የሚዘጋጀው አንድ አንቀጽ ጽፎ በቃሉ በመያዝ ነው። ችግሩ ያ አንቀጽ እስከ መጨረሻው ሳይነካ የሚደርስበት አጋጣሚ ጥቂት መሆኑ ነው። በእስራኤል የወሬ ልማድ አድማጭ በአሥረኛው ሰከንድ ጣልቃ ገብቶ “የት? የትኛው ፋብሪካ?” ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያደርገው ጉዳዩ ስለሳበው እንጂ ንቀት ይዞት አይደለም። ትልቅ ሰው ሲናገር አቋርጠን እንዳንገባ ተደርገን ላደግን ሰዎች ግን መቋረጥ ደስ አይልም። በቃሉ የያዘ ሰው ደግሞ ሲቋረጥ መንገዱ ይጠፋዋል፤ ወይ ከመጀመሪያው ይደግመዋል፣ ወይ ቀሪውን በጥድፊያ ይጨርሰዋል፣ ወይ ዝም ይላል። አድማጩ ነገሩ የተሸመደደ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ትውውቁ ሲሠራ ገና ከመነሻው እንደሚቋረጥ ታስቦ መሠራት አለበት፤ የትም ቢቆረጥ እስከዚያ የተባለው ብቻውን እንዲበቃ።

ይህን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ያቭኔ የምትኖር አንዲት ሴት አለች እንበል። የምግብ ቴክኖሎጂ ተምራለች፤ በአንድ ወተት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል አራት ዓመት ሠርታለች፤ አሁን ወደ መድኃኒት ማምረቻ መዛወር ትፈልጋለች። መጀመሪያ የጻፈችው ይህን ይመስላል፦

“ጤና ይስጥልኝ። እኔ ታታሪ፣ ኃላፊነት የሚሰማኝና በቡድን መሥራት የምወድ የምግብ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ነኝ። በዘርፉ የአራት ዓመት ልምድ ያካበትኩ ሲሆን፣ በጥራት ቁጥጥር፣ በሰነድ አያያዝና በሠራተኞች ሥልጠና ሰፊ ዕውቀት አለኝ። በአሁኑ ጊዜ ችሎታዬን የማሳድግበት የሥራ ዕድል በመፈለግ ላይ እገኛለሁ።”

ስህተት የሚባል ቃል የለበትም። ነገር ግን “ያካበትኩ ሲሆን” እና “በመፈለግ ላይ እገኛለሁ” የማመልከቻ ደብዳቤ ቋንቋ ናቸው፤ ቡና ይዞ የቆመ ሰው እንዲህ ብሎ አያወራም። ሁለተኛ፣ “ታታሪ” ለተባለ ሰው የሚጠየቅ ጥያቄ የለም። አድማጩ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ሦስተኛ፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ ብትቋረጥ ሰውየው የት እንደምትሠራም፣ ምን እንደምትፈልግም አያውቅም፤ የምትፈልገው ነገር የተቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ቢሆን ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አልተነገረም።

ሌላም ነገር አለ። ከኢትዮጵያ ባመጣነው ወግ ሰው ራሱን አያመሰግንም። እንግዳ ሲመጣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ምስጋናውን የሚናገርለት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ “ታታሪ ነኝ” የምትለው ሴት ቃሉን ስትናገር እራሷም ታፍራለች፤ ድምፅዋ ይቀንሳል፣ ዓይኗ ወደ መሬት ይሄዳል። መፍትሔው ድፍረት መጨመር አይደለም፤ ቅጽሉን ጥሎ የተሠራውን ሥራ መናገር ነው። የተሠራ ሥራን እንዳለ መንገር ራስን ማመስገን አይሆንም፤ ፍርዱም ለሰሚው ይቀራል።

እንግዲህ 30 ሰከንዱን በአራት ክፍል እናድርገው። የመጀመሪያው ስምና ከተማ ነው፤ ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም። ሁለተኛው ሥራውን ጎረቤት በሚገባው ቃል መናገር ነው፤ የማዕረግ ስም ሳይሆን ጠዋት ገብተው የሚሠሩት ነገር። ሦስተኛው አንድ ክስተት ነው፤ ምን ተበላሽቶ እንደነበርና ምን እንደተለወጠ። ረጅሙ ክፍል ይህ ሲሆን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። አራተኛው የሚፈለገው ነገርና ለሰሚው የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ነው። ሴትዮዋ በዚህ መልክ ስትናገረው እንዲህ ይሆናል፦

“እከሊት እባላለሁ፤ ከያቭኔ ነኝ። ወተት ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ አይብ ከመጫኑ በፊት ደህና መሆኑን የማየው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሌሊት ማቀዝቀዣው ሲሞቅ እስከ ጠዋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሙቀቱ በእጅ ወረቀት ላይ ነበር የሚጻፈው። ከጥገና ክፍሉ ጋር ሆነን ራሱ የሚመዘግብ፣ ሲሞቅ ደግሞ ስልክ ላይ የሚደውል መሣሪያ አስገባን። አሁን ይህንኑ ሥራ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። እናንተ ዘንድ ይህን የሚከታተለው የትኛው ክፍል ነው?”

በተረጋጋ ድምፅ ሲነገር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። አሁን በየቦታው እንቁረጠው። “እኔ ነኝ” ካለች በኋላ ቢያቋርጧት ሥራዋ ታውቋል። ከወረቀቱ በኋላ ቢያቋርጧት “ታዲያ ምን አደረጋችሁ?” ብለው ነው የሚሆነው፤ የቀረውን ጠይቀው ያስወጡታል። “ከጥገና ክፍሉ ጋር ሆነን” ማለቷም ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። ብቻዋን እንዳልሠራችው የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ “የአንቺ ድርሻ የቱ ነበር?” ተብላ ብትጠየቅም እውነተኛ መልስ አላት። መድኃኒት ማምረቻ የሚለው ደግሞ ከክስተቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ መድኃኒትም እንደ አይብ ሙቀቱ ካልተጠበቀ ይበላሻልና፣ ለምን መዛወር እንደፈለገች ሳታብራራ ይገባቸዋል።

ልምምዱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከላይ ያለውን አንቀጽ ቃል በቃል ከያዘችው እንደገና የተሸመደደ ይሆናል። በቃል የሚያዘው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ያቭኔ፣ አይብ፣ የሌሊቱ ማቀዝቀዣ፣ መድኃኒት። እነዚህን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ስልኩ እየቀዳ ሦስት ጊዜ መናገር፤ በየጊዜው ዓረፍተ ነገሩ ቢለያይ ጥሩ ነው። ሦስቱም ቅጂዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ሰውየው ነጥቦቹን ትቶ ጽሑፉን መያዝ ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ የቤት ሰው ያሻው ቦታ ላይ ጥያቄ እየጣለ ያቋርጥ። መልሱን ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ነጥብ መሄድ ከተቻለ ትውውቁ ደርሷል፤ “የት ላይ ነበርኩ?” የሚያሰኝ ከሆነ ግን አንዱ ክፍል ረዝሟል፣ መቀነስ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚረዝመው ክስተቱ ነው፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ የፈረቃው ሰዓት፣ የአለቃው ስም ሁሉ ይገቡበታል። እነዚህ ቢጠየቁ የሚነገሩ ናቸው።

የቋንቋው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ በዕብራይስጥ ነው። አራቱን ነጥቦች በአማርኛ ማሰብ ይቻላል፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ከአማርኛ እየተረጎሙ መገንባት ንግግሩን ያደርቀዋል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም ሐረግ ደርድረን ቆይተን እንዘጋለን፤ በዕብራይስጥ ይህ ሲሞከር ሰሚው ፍሬ ነገሩን ሲጠብቅ ይሰለቻል። ስለዚህ ልምምዱ ከመጀመሪያው በዕብራይስጥ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ይሁን። እርስዎ ብለን የምናከብርበት መንገድም በዕብራይስጥ ወሬ ውስጥ ስለሌለ፣ አክብሮቱን ረጅም መግቢያ አድርጎ መተካት አያስፈልግም፤ ዓይን አይቶ መናገርና ሰሚው ሲመልስ በደንብ ማዳመጥ ይበቃል።

ለእኛ ሰዎች በተለይ የሚመጡ ሁለት ማቋረጫዎች አሉ። አንዱ “ከየት ነሽ? መቼ መጣችሁ?” ነው። ይህ እዚሁ አገር የተወለደችውንም አይምርም። ከያቭኔ ነኝ ማለት ሙሉ መልስ ነው። ሰውየው ከቀጠለ “ወላጆቼ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጡ፤ እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት” ብሎ በአንድ ትንፋሽ ዘግቶ፣ ሳያቆሙ “ፋብሪካውም እዚሁ ሠፈር ነው” እያሉ ወደ ሥራው መመለስ ነው። ዝግጁ መልስ ከሌለ 30 ሰከንዱ በሙሉ ስለ ጉዞ ታሪክ ሆኖ ያልቃል፤ ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ሙያዋን ግን አላወቀም። ሁለተኛው ስለ ውትድርና ነው። እዚያ የተሠራው ሥራ አሁን ከሚፈለገው ጋር ከተገናኘ፣ ለምሳሌ የመጋዘን ወይም የኮምፒዩተር ሥራ ከነበረ፣ ክስተቱን ከዚያ መውሰድ ይቻላል። ካልተገናኘ አንድ ቃል መልሶ ማለፍ ነው።

ይህ አሠራር የማይገጥምበት ቦታ አለ። ሁሉም ተቀምጦ ተራ በተራ እየተነሣ ራሱን በሚያስተዋውቅበት ስብሰባ ማንም አያቋርጥም፤ መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ጥያቄም መላሽ የለውም። እዚያ አራቱ ክፍሎች እንዳሉ ሆነው ጥያቄው በጥሪ ይለወጣል፦ “መድኃኒት ማምረቻ የሚሠራ ሰው ካለ፣ በእረፍቱ በመስኮቱ በኩል ነኝ።” ሌሎች ሲናገሩ የራስን ቃል በልብ መድገም ግን አይረዳም። ከበፊቱ ተናጋሪ አንድ ነገር ሰምቶ “እሱ ስለ ሌሊት ፈረቃ እንዳለው…” ብሎ መጀመር ንግግሩን አሁን የተወለደ ያደርገዋል።

ውጤቱን መለካትም አያስቸግርም። ሰውየው “ደስ ይላል፣ መልካም ዕድል” ብሎ ከሄደ ትውውቁ የሚይዝ ነገር አልሰጠውም፤ ክስተቱ መለወጥ ወይም ማጠር አለበት። “ታዲያ ማቀዝቀዣው ሌሊት ሲደውል ማን ይመጣል?” ብሎ ከጠየቀ ግን፣ የቀሩት ሰከንዶች ሳይነገሩ ቢቀሩም ግድ የለም።