የሲም ካርድ ቁልፍና ሦስቱ ሙከራዎች

ሞባይሉን የተሰረቀ ሰው በቅድሚያ የሚቆጨው ለቀፎው ነው። ሌባው ግን ሲም ካርዱን አውጥቶ በሌላ ቀፎ ቢከተው፣ ለባለቤቱ የሚላኩ አጫጭር መልእክቶች ለእርሱ ይደርሳሉ፤ የቴሌግራም ወይም የባንክ ማረጋገጫ ቁጥርም ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚከለክለው ፒን የተባለው፣ ከ4 እስከ 8 አሃዝ ያለው የካርዱ የምስጢር ቁጥር ነው። የቀፎውን ስክሪን ከሚቆልፈው ቁጥር ጋር አይገናኝም። በቀፎው ውስጥ ያሉ ፎቶግራፎችን አይጠብቅም፤ የሚጠየቀውም ቀፎው ሲበራ ወይም ካርዱ ሲገባ ብቻ በመሆኑ፣ በርቶ ሳለ የተነጠቀ ስልክ እስኪጠፋ ድረስ ካርዱ ክፍት ነው።

ባለ 4 አሃዝ ፒን 10,000 አማራጮች ብቻ አሉት። ጥንካሬው የሚመነጨው ከቁጥሩ ርዝመት ሳይሆን ካርዱ ከሦስት ስሕተት በላይ ስለማይታገሥ ነው። ቆጣሪው የሚገኘው በካርዱ ውስጥ እንጂ በቀፎው ውስጥ አይደለም። የቀሩት ሙከራዎች ብዛት የሚመዘገበው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም በማይጠፋ ማኅደር ላይ፣ በታሰሩ የኤሌክትሮን ክምችቶች አማካይነት ነው። ስለዚህ ስልኩን ማጥፋት ወይም ቀፎ መለወጥ ሙከራዎቹን አያድስም፤ የሚያድሳቸው ትክክለኛውን ፒን ማስገባት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ማኅደሩ ላይ ለመጻፍ ከፍ ያለ ቮልቴጅና ጥቂት ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት ካርዱ የሚስበው ከረንት ይለወጣል። ካርዱ መጀመሪያ አነጻጽሮ ስሕተቱን ኋላ የሚመዘግብ ቢሆን፣ ከረንቱን የሚከታተል አጥቂ ለውጡን እንዳየ ኃይሉን እያቋረጠ ያለ ገደብ መሞከር በቻለ ነበር። በጥንቃቄ የተሠራ ካርድ ግን አስቀድሞ አንድ ሙከራ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ያነጻጽራል፣ ፒኑ ትክክል ከሆነ ብቻ የቀነሰውን ይመልሳል።

ብዙዎች ካርዳቸውን የሚዘጉት ፒኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩ ነው። ስልኩ የሚጠይቀው ካርዱ ሲዘጋጅ የተሰጠውን ነባር ቁጥር ሆኖ ሳለ፣ እነርሱ አዲስ ፈጥረው ያስገባሉ።

ከሦስተኛው ስሕተት በኋላ ስክሪኑ PUK ይጠይቃል። ይህ 8 አሃዝ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሲሙ ተሰብሮ በወጣበት ፕላስቲክ ላይ ታትሟል፤ ከጠፋም መታወቂያ ይዞ ቁጥሩን ከሸጠው የቴሌኮም ድርጅት መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ፑኩ 12345678 ቢሆንና አዲሱ ፒን 4826 እንዲሆን ቢፈለግ፣ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

```
**05*12345678*4826*4826#
```

አዲሱ ፒን ሁለት ጊዜ የሚጻፈው የአጻጻፍ ስሕተት እንዳይኖር ነው። ፑክን በግምት መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም። አማራጮቹ 100 ሚሊዮን ሲሆኑ የሚፈቀደው 10 ሙከራ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ካርዱ ለዘለቄታው ይዘጋል፣ ድርጅቱም ቢሆን አይከፍተውም። የስልክ ቁጥሩ የተመዘገበው በድርጅቱ ዘንድ ስለሆነ በአዲስ ካርድ ይመለሳል፤ በአሮጌው ካርድ ላይ ብቻ ተይዘው የነበሩ የወዳጅ ዘመድ ቁጥሮች ግን አብረውት ይቀራሉ።